የትኛው ትዝታ? በባዕድ አገር የተሰማን የአገር ቤት ዘፈን በዘመኑ፣ በስሜቱና በድምፃዊው ስለ መለየት

«ትዝታ» የሚለው ቃል በአማርኛ ዘፈን ዙሪያ ቢያንስ ሦስት ነገሮችን ይጠራል። አንደኛው ያለፈን ማስታወስ ነው። ሁለተኛው ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች የአንዱ መጠሪያ ነው። ሦስተኛው በዚሁ ቅኝት የሚዘፈነው፣ ድምፃዊ ሁሉ በየፊናው የተጫወተው ዘፈን ነው። አስናቀች ወርቁ በክራሯ፣ ማሕሙድ አሕመድና ጌታቸው ካሣ በባንድ፣ በዛወርቅ አስፋውና አስቴር አወቀ ከእነሱ በኋላ፣ ሁሉም ትዝታን ተጫውተዋል፤ የሁሉም ርእስ አንድ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው «ያ በክርስትናው ዕለት የተሰማው ትዝታ የማን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ብዙ የተናገረ ይመስለዋል እንጂ ገና ምንም አላመለከተም።

ይህ ጽሑፍ እንዲህ ያለ ጥያቄ ቀርቦልኝ መልሱን የፈለግሁበትን መንገድ ይገልጻል። ዘፈኑን ለመለየት የረዱኝ ዘመኑ፣ ስሜቱና የድምፃዊው ድምፅ ናቸው። ብዙ ሰው አስቀድሞ የሚይዘው፣ እኔም የሥነ ቃል መምህር እንደ መሆኔ አስቀድሜ የያዝሁት ግጥሙ ግን ከሁሉ ይልቅ አሳሳተኝ። ዓመታቱ «ዓ.ም.» ካልተባለባቸው በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ነገሩ የሆነው በ2023 በአሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ በምትገኘው በአሌክሳንድርያ ከተማ ነው። የእናቴ ታናሽ እህት የልጅ ልጇን የሰማንያ ቀን ክርስትና ደግሳ ዘመድ ተሰብስቧል። እራት ተበልቶ ቡና ሲፈላ አክስቴ ከመኝታ ቤቷ አንድ አሮጌ ካሴት ይዛ ወጣች። ካሴቱን አገር ቤት የነበረው ወንድሟ፣ የእኔም አጎት፣ በ1979 ዓ.ም. በሰው እጅ የላከላት ነው። አጎቴ ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት እንኳ ሳይቆይ ዐረፈ፤ እሷም ለቀብሩ መግባት አልቻለችም። በካሴቱ መጀመሪያ ላይ የእሱ ድምፅ ይሰማል፤ «ይቺን ታስታውሻታለሽ» ይልና ዘፈኑ ይጀምራል። በዚያ ምሽት ዘፈኑ ከግማሹ ሳያልፍ ቴፑ ካሴቱን በላው። ክሩን በእስክሪብቶ እየጠቀለልን ስናወጣው አንድ ቦታ ላይ ተበጥሶ አገኘነው። አክስቴ ምንም አልተናገረችም፤ ተነሥታ የቡናውን ረከቦት ማነሣሣት ያዘች። በማግስቱ ግን ጠርታኝ «አንተ የዘፈን ነገር ታውቃለህ ይሉኛል፤ እንግዲህ ፈልገህ አምጣልኝ» አለችኝ። ካሴቱ ላይ የተጻፈ ስም የለም። ልባሱም ከጠፋ ቆይቷል።

የአክስቴ የልጅ ልጅ፣ የሃያ ዓመት ወጣት፣ ፍለጋውን በስልኩ ጀመረ። አያቱ የምታስታውሳቸውን ስንኞች እየተቀበለ ይጽፋል፤ ስልኩም ዘፈን ያቀርብለታል። አክስቴ አራት ጥንድ ስንኞች አስታውሳ ነበር። የመጀመሪያው ጥንድ በሦስት ድምፃውያን ትዝታ ውስጥ ተገኘ። ሁለተኛው ትዝታ ባልሆነ የክራር ዘፈን ውስጥ ነበር። ሦስተኛውን እኔ ራሴ ተማሪ ሳለሁ ከአንድ አዝማሪ አፍ ጽፌዋለሁ። አራተኛው የትም አልተገኘም። ልጁ ተስፋ ቆርጦ «እንግዲህ ሁሉም ይሰራረቃሉ ማለት ነው» አለ። አልተሰራረቁም፤ ነገር ግን እንዲህ ማሰቡ አይፈረድበትም።

የትዝታ ስንኞች በአብዛኛው በየወል ቤት የተሠሩ ናቸው። እያንዳንዱ ስንኝ ስድስት ስድስት ቀለም ባላቸው ሁለት ሐረጎች ይከፈላል። ሁለቱ ስንኞች ቤት ከመቱ በኋላ ጥንዱ በራሱ የቆመ ሐሳብ ይሆናል፤ ከላዩ ያለውንም ከታቹ ያለውንም አይፈልግም። ልኩ አንድ፣ ሐሳቡም ሙሉ ስለሆነ፣ አንዱን ጥንድ ከአንድ ዘፈን አንሥቶ በሌላው ውስጥ ቢያስገቡት ስፌቱ አይታወቅም። ዘፋኙም ይህን ያደርጋል። ከጋራው ጎተራ የሚስማማውን ይዘግናል፤ አንዳንዱን ከራሱ ይጨምራል፤ በሌላ ቀን ሲዘፍን ቅደም ተከተሉን ይለውጣል። እንግዲህ በትዝታ ዘፈን ስንኝ የጎተራው እንጂ የዘፋኙ ምልክት አይደለም። አድማጩም እንዲሁ ነው፤ በሠላሳ ስድስት ዓመት ውስጥ የሰማቸውን ትዝታዎች ሁሉ በልቡ አንድ ላይ ይዘፍናቸዋል። ከአክስቴ አራት ጥንዶች መካከል በካሴቱ ላይ የነበሩት ሁለቱ ብቻ መሆናቸውን በኋላ አረጋግጫለሁ። የቀሩትን ከየት እንዳመጣቻቸው እሷም አታውቅም። ድምፃዊው የራሱ ግጥም ያለውን፣ አዝማች ያለውን ዘፈን ለሚፈልግ ሰው ግጥሙ መልካም መንገድ ነው፤ ለትዝታ ግን አይሆንም።

ስለዚህ ግጥሙን ትቼ ወደ ዘመኑ ሄድሁ። እዚህም ገና ከመጀመሪያው የምታደናቅፍ ነገር አለች። የአክስቴ ባል፣ ጋሼ የምንለው፣ «ይሄ የስድሳዎቹ ዘፈን ነው» አለ። ወጣቱም ወዲያው በ1960ዎቹ የተቀረጹ የኢትዮጵያ ዘፈኖችን መፈለግ ጀመረ። ጋሼ ግን የሚቆጥረው በዓ.ም. ነው። የእሱ ስድሳዎቹ ከመስከረም 1967 ጀምሮ እስከ 1977 የሚደርሱት ዓመታት ናቸው፤ ልጁ ከሚፈልጋቸው ዓመታት ጋር የሚገናኙት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ከጥቂት ወራት ብቻ ነው። በውጭ አገር በሚኖሩ ቤተሰቦች ዘንድ ይህ ስሕተት ሲደጋገም አይቻለሁ። አባትና ልጅ አንድ ቁጥር ይዘው በተለያየ ዘመን ይፈልጋሉ፤ ሁለቱም ሌላው የተሳሳተ ይመስላቸዋል። ስለዚህ ማንም «በስድሳዎቹ» ወይም «በሰባዎቹ» ቢል፣ ከአብዮቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ ብሎ መጠየቅ ይበጃል። አብዮቱን ማንም አይረሳም።

ከሰው ቃል ቀጥሎ የሚመረመረው የካሴቱ ድምፅ ነው። በ1969 አምሃ እሸቴ የአገር ፍቅርን ብቸኛ የማሳተም መብት ደፍሮ አምሃ ሪከርድስን ከጀመረ ወዲህ፣ ካይፋና ሌሎችም ተከትለውት፣ ዘፈን በብዛት በሸክላ ይወጣ ነበር። በ1978 ገደማ ሸክላ ማሳተም ቀርቶ ቦታውን ካሴት ያዘው። በ1980ዎቹ ደግሞ በብዙ ቅጂዎች ላይ የነፋስ መሣሪያዎቹን ድርሻ ኪቦርድ ወሰደው፤ ድራም ማሽንም ገባ። እነዚህን ሁለት ወሰኖች የያዘ ሰው የሰማው ዘፈን ከየትኛው ወገን እንደሆነ በጥቂት ደቂቃ ማወቅ ይችላል። በእኛ ካሴት ላይ ቤዝ ጊታርና ሰው የሚመታው ድራም ይሰማል፤ ኪቦርድ የለም። ይህም ካሴቱ ምንም እንኳ በ1979 ዓ.ም. የተላከ ቢሆን ዘፈኑ ከዚያ በፊት የነበረ መሆኑን ይጠቁማል። ይሁን እንጂ መጠቆም ብቻ ነው፤ ኪቦርድ በመጣበት ዘመንም ያለ ኪቦርድ የዘፈነ አይጠፋም።

የበለጠው ማስረጃ ማንም ልብ ያላለው ድምፅ ነበር። የተበጠሰውን ክር ቀጥለን ካሴቱን ወደ ኮምፒዩተር ስንገለብጠው፣ ከዘፈኑ ሥር «ጭቅ፣ ጭቅ» የሚል ድምፅ እኩል ርቀት እየጠበቀ ይመላለሳል። ሸክላ ላይ ጭረት ካለ፣ ሸክላው አንድ ዙር በዞረ ቁጥር መርፌው ያንኑ ጭረት ይረግጣል። ትንሹ ባለ ሁለት ፊት ሸክላ በደቂቃ 45 ጊዜ ይዞራል፤ ትልቁ ባለ ብዙ ዘፈን ሸክላ 33 ከሲሶ ጊዜ ይዞራል። እንግዲህ ሰዓት ይዞ ጭቅታውን መቁጠር የሸክላውን ዓይነት ያሳውቃል። ቆጠርሁ። በአንድ ደቂቃ 48 ሆነ። ደግሜ ቆጠርሁ፤ ያው 48 ነው።

48 የሚዞር ሸክላ የለም። ከትልቁ ሸክላ የተቀዳ ነው እንዳይባል፣ 33 ከሲሶው 48 እስኪሆን ድረስ ቢፈጥን የዘፋኙ ድምፅ የወፍ ጫጫታ ይሆን ነበር። የቀረው መልስ አንድ ነው። ሸክላው ባለ 45 ነው፤ ቅጂው ግን ከሚገባው በላይ ይፈጥናል። ምክንያቱም ሩቅ አልነበረም። አጎቴ የሚቀዳው በድንጋይ በሚሠራ ቴፕ እንደነበር አክስቴ ነገረችኝ። ድንጋዩ ሲደክም ሞተሩ ይዘገያል፤ ክሩም ቀስ እያለ ይቀዳል። ቀስ ብሎ የተቀዳው ክር ጤነኛ ቴፕ ላይ ሲገባ ይፈጥናል፤ ሲፈጥን ደግሞ ድምፁ ይቀጥናል። ከ45 ወደ 48 ያለው ልዩነት ወደ ሰባት በመቶ ይጠጋል፤ በሙዚቃ ልኬት ከግማሽ ድምፅ ጥቂት ያለፈ ማለት ነው። ይህ ለጭፈራ ምንም አይደለም፤ ድምፃዊን ለመለየት ግን ብዙ ነው። በክርስትናው ምሽት ግማሹ ዘመድ «ገና ልጅ የሆነ ዘፋኝ ነው» ሲል የነበረው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

እንግዲህ በኮምፒዩተሩ ፍጥነቱን ወደ 93.75 በመቶ አወረድነው፤ 45 ለ48 ሲካፈል የሚሰጠው ይህ ነው። ጭቅታውን እንደገና ብቆጥረው 45 መጣ። ነገር ግን ቁጥር ብቻውን አያሳምንም፤ አጎቴ ሸክላውን ያጫወተበት መሣሪያ ራሱ በትክክል የሚዞር ለመሆኑ ምን ማረጋገጫ አለ? ዘፋኙን ገና አናውቀውምና በዘፋኙ ድምፅ ልንፈትነው አንችልም። በካሴቱ ላይ ግን የምናውቀው ሌላ ድምፅ አለ። አጎቴ ያቺን አጭር ቃል የተናገረው በዚያው ቴፕ፣ በዚያው የደከመ ድንጋይ ነው። አክስቴን ጠርቼ ከመጀመሪያው አሰማኋት። «ይቺን ታስታውሻታለሽ» የሚለው ድምፅ ወፈር፣ ዘግየት ብሎ ወጣ። አክስቴ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ከዚያም «ደግመው» አለች። ደገምሁላት። «ይኸው፤ አሁን እሱ ነው። ያኔ ካሴቱ የመጣ ጊዜ አሞት ይሆን ድምፁ የሰለለው ብዬ ስንት ቀን አለቀስሁ» አለች። ለሠላሳ ስድስት ዓመት የወንድሟን ድምፅ ከልኩ ከፍ ብሎ ስትሰማው ኖራለች። ከዚህ በኋላ ፍጥነቱን አልነካሁትም።

የዘመኑ ምርመራ ይህን ያህል ሰጠን። ባለ 45 ሸክላ፣ የባንድ ዘፈን፣ ከ1978 በፊት። ዓመቱን በቁርጥ አይሰጥም፤ ወሰኑን ግን ያጠብባል።

ወደ ስሜቱ ስመጣ በባልና ሚስት ክርክር መካከል ገባሁ። አክስቴ ዘፈኑ ቀስ ያለ፣ ተቀምጠው አንገት ደፍተው የሚያዳምጡት ነው ትላለች። ጋሼ ደግሞ «ምን ተቀምጠው? በወንድምሽ ሠርግ እስክስታ የወረድንበት አይደለም እንዴ!» ይላል። እኔ ጋሼን አላመንሁትም። ትዝታ ነው እየተባለ በሠርግ ጭፈራ ምን ያደርጋል ብዬ፣ ሌላ ዘፈን ቀላቅሎበት ይሆናል አልሁ። ይህ የእኔ ስሕተት ነበር፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ስሜትን ለመጠየቅ «የሚያሳዝን ነው ወይስ የሚያስደስት?» ማለት አይጠቅምም። ከአገሩ ርቆ ለሚኖር ሰው የአገር ቤት ዘፈን ሁሉ ያሳዝነዋል፤ የሠርግ ዘፈን ሲሰማ የሚያለቅስ ስንት አለ። የሚጠቅመው ሰዎቹ ያኔ ምን ያደርጉ ነበር ብሎ መጠየቅ ነው። ተቀምጠው ነበር ወይስ ተነሥተው? ያጨበጭቡ ነበር ወይስ ዝም ብለው ነበር? ሰውነት ያደረገው ልብ ከተሰማው ይልቅ በትክክል ይታወሳል።

ከዚህ ጋር የሚነካካው ቅኝቱ ነው። ስሜትና ቅኝት አንድ አይደሉም፤ ይሁንና ብዙ ሰው አንዱን በሌላው ይጠራል። ጋሼ የወሎ ሰው ነውና ሚስቱ ስታንጎራጉር ሰምቶ «ይሄማ አምባሰል ነው» ብሎ ነበር። ማስታወሻ የማያነብ ሰው ቅኝትን የሚለይበት ቀላል ዘዴ አለ። አስቀድሞ ዘፋኙ ስንኙን ጨርሶ የሚያርፍበትን ድምፅ መያዝ ነው፤ ቤቱ እርሱ ነው። ቀጥሎ በዘፈኑ ውስጥ ከዚያ ድምፅ በላይ ቅርብ የሆነውን ድምፅ መፈለግ ነው። ሁለቱ ተጣብቀው ግማሽ ድምፅ ብቻ ከተራራቁ አምባሰል ወይም አንቺ ሆዬ ነው። ሙሉ ድምፅ ከተራራቁ ትዝታ ነው። በመካከላቸው ሰፊ ዝላይ ካለ ደግሞ ባቲ ነው። ወጥመዱ ያለው ቤቱን በመያዙ ላይ ነው። ግማሽ ትዝታ የሚባለውና አምባሰል አምስቱም ድምፆቻቸው አንድ ሊሆኑ ይችላሉ፤ የሚለያቸው ማረፊያቸው ብቻ ነው። መሣሪያ ሳያጅባት የምታንጎራጉር ሴት ደግሞ ማረፊያውን ሳታስበው ታዛውረዋለች፤ አክስቴም እንዲሁ ታደርግ ነበር። ስለዚህ እንጉርጉሮዋን ትቼ በካሴቱ ላይ ያለውን የቤዝ ጊታር አዳመጥሁ። ቤዝ ዙሩን በጀመረ ቁጥር የሚመለስበት ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ ቤቱ ነው። ከእርሱ በላይ ያለው ድምፅ ሙሉ ድምፅ ይርቃል። ትዝታ ነው፤ የጋሼ አምባሰል ወደቀ። እኔም ከዚህ የተነሣ የሠርጉንም ነገር አብሬ ጣልሁት። አንድ ምስክር በአንድ ነገር ቢሳሳት በሌላውም ተሳስቷል ማለት እንዳልሆነ መቼም አይጠፋኝም ነበር።

የሠርጉን ነገር ያነሣው ካሴቱ ራሱ ነው። አክስቴ ዘፈኑ ሲያልቅ ሁልጊዜ ወደ ኋላ ታጠነጥነዋለች፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ሰምታው አታውቅም። እኛ ስንገለብጥ ግን ኮምፒዩተሩን ትተነው ቡና ልንጠጣ ወጣን። ዘፈኑ አልቆ መርፌው ሲነሣ «ጡብ» ይላል። ከዚያ ግማሽ ደቂቃ ያህል ዝምታ ነው፤ የሰው ኮቴ የመሰለ ነገር ይሰማል። እንደገና መርፌ ያርፋል። ሌላ ጭቅታ፣ ሌላ ሙዚቃ፤ ፈጠን ያለ። ድምፁ ግን ያው ሰውዬ፣ ቅኝቱም ያው ትዝታ ነው። አጎቴ ሸክላውን ገልብጦት ነበር። ጋሼን ጠርተን ስናሰማው ትከሻው ሳያስበው ተንቀሳቀሰ። ወደ ሚስቱ ዞሮ «አላልሁም?» ብቻ አለ። እኔን ቀና ብሎ አላየኝም፤ ደግ ነው።

ባለ 45 ሸክላ በአንድ ፊቱ የሚይዘው ሦስት፣ ቢበዛ አራት ደቂቃ ገደማ ነው። ትዝታ ደግሞ ስንኝ በስንኝ እየተቀጠለ ሊረዝም የሚችል ዘፈን ነው። በሸክላ ሊያወጣው የሚፈልግ ሰው ወይ ያሳጥረዋል፣ ወይ ለሁለት ፊት ይከፍለዋል። የሁለቱ ባልና ሚስት ክርክር የሁለት ፊት ክርክር ነበር። ፍለጋውም ከዚህ በኋላ መልኩን ለወጠ፤ ከመቶ ትዝታ መካከል አንዱን መፈለግ ቀርቶ፣ ትዝታን ቀስ ብሎም ፈጥኖም የዘፈነ አንድ ወንድ ድምፃዊ ማን ነው የሚል ጥያቄ ሆነ።

መልሱን ቶሎ ገመትሁት። ግምት ግን ለጆሮ መጥፎ ጓደኛ ነው። በእኛ ቤት ከአብዮት በፊት የተቀረጸ የወንድ ድምፅ ሁሉ የጥላሁን ገሠሠ ነው ይባላል። አንድ ጊዜ «ጥላሁን ነው» ከተባለ በኋላ ሁሉም ጥላሁንን ይሰማል። ስለዚህ ስም ሳልጠራ አምስት ቅጂዎች አዘጋጀሁ፤ ከእያንዳንዱ ሃያ ሰከንድ ያህል። አራቱ ስሕተት መሆናቸውን የማምንባቸው ናቸው፤ ከእነሱም አንዱ የጥላሁን ነው። ስሕተት የሆኑት ከሌሉበት ምርጫው ምርጫ አይደለም። አክስቴንና ጋሼን ለየብቻ አስቀምጬ አሰማኋቸው፤ ቅደም ተከተሉን ለውጬም በማግስቱ ደገምሁ። አክስቴ ሁለቱንም ጊዜ አንዱኑ መረጠች። ጋሼ በመጀመሪያው ቀን ሌላ መርጦ በሁለተኛው ቀን ወደ እሷ ምርጫ መጣ። የእሱን ምስክርነት ግማሽ አድርጌ ያዝሁት።

እኔ ራሴ ያዳመጥሁት በሌላ መንገድ ነው። የድምፅ ውበትና ቅላጼ ሲገለጹ ለሁሉም ስለሚስማሙ ለመለየት አይረዱም። ይልቁን በካሴቱና በታወቀው ቅጂ ውስጥ የሚገኝ አንድ ቃል መርጦ፣ ድምፃዊው ያን ቃል እንዴት እንደሚጨርሰው ማወዳደር ነው። እኔ የመረጥሁት ራሱን «ትዝታ» የሚለውን ቃል ነው፤ በሁሉም ውስጥ ይገኛልና። አንዱ የመጨረሻዋን «ታ» ቆረጥ አድርጎ ይተዋታል። ሌላው አርገብግቦ ያስረዝማታል። ሌላው ደግሞ አስቀድሞ አቅንቶ ይይዛትና ልትቆም ስትል ወደ ታች ያወርዳታል። ቃሉ ሲጀመርም ከምቱ ጋር እኩል የሚገባ አለ፤ ዘግይቶ የሚገባም አለ። ትንፋሹንም ማየት ይገባል። በሁለቱ ሐረጎች መካከል ይተነፍሳል ወይስ አሥራ ሁለቱን ቀለም በአንድ ትንፋሽ ይዘልቃል? እነዚህ ልማዶች ከሸክላ ወደ ካሴት ቢገለበጡም፣ ቅጂው ቢቆሽሽም አይጠፉም። የድምፅ ቅጥነትና ውፍረት ግን የደከመ ድንጋይ እንኳ ሊለውጠው እንደሚችል አይተናል።

በዚህ መንገድ የደረስሁበት ስም ጌታቸው ካሣ ነው። ለማረጋገጥ ንጹሕ ቅጂ ያስፈልግ ነበር። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1997 ጀምሮ የድሮዎቹን ሸክላዎች እየሰበሰበ ያሳተማቸው ተከታታይ ቅጾች አሉ፤ አሥረኛው ቅጽ ርእሱም ትዝታ ነው። የጌታቸው ካሣ ትዝታ፣ ቀስ ያለውም ፈጣኑም፣ እዚያ ይገኛል። ወጣቱ ቀድሞ ሊያገኘው ያልቻለው በላቲን ፊደል Tizita ብሎ ስለሚጽፍ ነው። በዚያ ቅጽ ላይ የተጻፈው Tezeta ተብሎ ነው፤ ሌሎች ደግሞ Tezita ይላሉ። «ት» እና «ዝ» በላቲን ሲጻፉ እንደ ጸሐፊው ስለሚለዋወጡ ሦስቱንም መሞከር ያስፈልጋል። የድምፃዊውንም ስም Getachew እና Getatchew እያሉ በሁለቱም መንገድ መፈለግ ነው።

ንጹሑን ቅጂና ፍጥነቱ የተስተካከለውን የአጎቴን ቅጂ እኩል አስጀምሬ አዳመጥኋቸው። አንድ ዘፈን በተለያየ ቀን ሁለት ጊዜ ከተቀረጸ፣ ያው ድምፃዊ ቢሆን እንኳ ከጥቂት ስንኞች በኋላ መራራቃቸው አይቀርም፤ የስንኞቹ ቅደም ተከተል፣ ትንፋሹ፣ በመካከል የሚገባው የመሣሪያ ጨዋታ አይገጥምም። እነዚህ ግን ከመነሻቸው እስከ መጨረሻቸው አብረው ሄዱ፤ ሌላኛውም ፊት እንዲሁ። የትም ያልተገኘው የአክስቴ አራተኛ ጥንድ ስንኝ በሁለቱም ፊት የለም። «እንግዲያው እኔ ነኛ ያወጣሁት» ብላ ሳቀች።

ንጹሑን ቅጂ ልጆቿ ስልኳ ላይ ጫኑላት። የአጎቴን ቅጂ ደግሞ ከነጭቅታው፣ ከነዝምታውና ከነኮቴው በሲዲ ገልብጠን ሰጠናት። ለካሴቱ አዲስ ልባስ ገዝቼ እንዲህ ብዬ ጻፍሁበት፦ «ትዝታ፤ ጌታቸው ካሣ፤ ቀስ ያለውና ፈጣኑ፤ ከባለ 45 ሸክላ የተቀዳ፤ የተላከው በ1979 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያን 1987»። አክስቴ መነጽሯን አድርጋ አነበበችው። ከዚያም እስክሪብቶውን ተቀብላኝ ከዘፋኙ ስም በላይ፣ በተረፈው ጠባብ ቦታ፣ የወንድሟን ስም ጻፈች።